ሽንፈትን የማይሸልም ዕጣ

ኦረን ድቮራክ ቀናተኛ መሆኑን ያወቀው በሃምሳ አራት ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት የሚቀናበት ሰው አልነበረውም። ቶሊዶ ከተማ፣ ወንዙ ዳር ካለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆነን የአሥራ ሁለት ቅርጫት ኳስ ቡድኖችን ሊግ ከምናስተዳድረው ጥቂት ሰዎች መካከል ስሌት የሚሆንለት እሱ ብቻ ነበር። የጨዋታ መርሐ ግብሩን የሚያወጣው እሱ ነው። የትኛው ቡድን በየትኛው ቀን ስንት ሰዓት አውቶቡስ ላይ እንደሚቀመጥ በቃሉ ያውቃል። የተጫዋቾች ምርጫ ዕጣ ደንብን ከብዙ ዓመት በፊት የጻፈውም እሱ ነው። እኔ የተጫዋቾችን ውል የምመዘግብ ስሆን ጠረጴዛዬ ከእሱ ክፍል በር ፊት ለፊት ነበር።

ደንቡ ቀላል ነበር። በየዓመቱ ከኮሌጅ የሚወጡትን ልጆች ቡድኖቹ በተራ ይመርጣሉ፤ ደካማው ቀድሞ እንዲመርጥ፣ ቀድሞ መርጦም እንዲጠናከር ነው የታሰበው። ነገር ግን የመጨረሻ የወጣው ያለምንም ጥርጥር አንደኛ መራጭ ከሆነ መጨረሻ ለመውጣት ይሽቀዳደማሉ። ስለዚህ ኦረን ዕጣ ጨመረበት። ወደ ጥሎ ማለፉ ያልገቡት ስድስት ቡድኖች አንድ ሺህ ቲኬት ይካፈላሉ፦ የመጨረሻው አራት መቶ፣ ከእሱ በላይ ያለው ሁለት መቶ ሃምሳ፣ ከዚያም እየቀነሰ ይሄዳል። በአየር የሚሽከረከር ማሽን ውስጥ አሥራ አራት ኳሶች ይገባሉ፤ አራቱ ይወጣሉ፤ የአራቱ ቁጥር የማን ቲኬት ላይ እንዳለ ይታያል። አራት አራት እያሉ ሲያጣምሯቸው አንድ ሺህ አንድ ይሆናሉ፤ አንዷን ኦረን ራሱ መርጦ ጥሏታል። ይህቺን የጣላትን አንዷን ለእንግዳ ሁሉ ያወራል።

ደንቡ የፈረሰው ሳጊናው ላይ ነው። በውድድሩ የመጨረሻ ምሽት ሳጊናውና ዱሉዝ ተገናኙ፤ ሁለቱም ግርጌ ናቸው፤ የሚሸነፈው አራት መቶውን ቲኬት ይወስዳል። የሳጊናው አሠልጣኝ በሁለተኛው አጋማሽ ጥሩ ጥሩዎቹን ልጆች አስወጥቶ ፎጣ አለበሳቸው። የዱሉዙም ይህንን አይቶ የራሱን አስወጣ። አንድ የሳጊናው ተቀያሪ ሳያስበው ከሩቅ ወርውሮ ሲያስገባ የገዛ ደጋፊው ጮኸበት። ልጁ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። በማግስቱ ቪዲዮውን ሀገር አየው፤ የሊጋችን ስም እንደዚያ ቀን ተጠርቶ አያውቅም።

ኮሚሽነሩ ሚስተር ካልድዌል ሁላችንንም ሰበሰበን።

«የመግቢያ ቲኬት የሸጥንለት ሰው ቡድኑ እንዲሸነፍ እየጸለየ ነው የሚመጣው» አለ። «ይህንን የምታስተካክሉልኝ እናንተ ናችሁ። ኦረን፣ ማርኒ፣ ሁለታችሁም ሐሳብ አምጡ። የክለቦቹ ባለቤቶች በሰኔ ሲሰበሰቡ ድምፅ ይሰጡበታል።»

«ሁለታችንም?» አለ ኦረን።

«ሁለታችሁም።»

ማርኒ ባስኮም ከመጣች ገና አንድ ዓመት አልሞላትም። ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ የተቀጠረችው ለድረ ገጹ ሥራ ነበር። ወደ ኦረን ክፍል እየመጣች ስለ ዕጣው ደንብ ትጠይቀው ነበር፤ እሱም ደስ እያለው ያስረዳት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በሩን መዝጋት ጀመረ። የተዘጋው በር መስታወት ነው፤ ከውስጥ ሆኖ የኮሚሽነሩን ክፍል ይመለከታል። የኮሚሽነሩም ክፍል መስታወት ነው። ማርኒ እዚያ ገብታ ካልድዌል ሲስቅ ኦረን እርሳሱን ያስቀምጣል።

«ምንድን ነው የሚያስቀው?» ይለኛል ወጥቶ።

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት ሁለቴ አላሳቅሁትም። ዕጣ የሚያስቅ ነገር ነው?»

አርብ አርብ ዶናት ይዞ የሚመጣው ኦረን ነበር። አንድ አርብ ማርኒ እናቷ የጋገረችውን የቼሪ ፓይ ይዛ መጣች። የኦረን ዶናት ሳይነካ ዋለ። በሚቀጥለው አርብ ዶናት አላመጣም፤ ለምን እንዳላመጣ እንድንጠይቀው ግን ቀኑን ሙሉ ሲንጎራደድ ዋለ። ማንም አልጠየቀውም።

ሚስቱ ሎይስ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ነው የምትሠራው። አንድ እሑድ ቤታቸው ተጋብዤ የተጠበሰ ቋሊማ ስንበላ ስለ ማርኒ ማውራት ጀመረና ሳህኑ እስኪቀዘቅዝ አላቆመም። ሎይስ ሹካዋን አስቀመጠች።

«ቆንጆ ናት?»

«ምን አገናኘው! እንደዚያ አይደለም።»

«እንደዚያ እንዳልሆነ አውቃለሁ» አለች። «እንደዚያ ቢሆን ኖሮ ምን እንደምልህ አውቅ ነበር።»

የኦረን ሐሳብ የድሮውን ደንብ መጠገን ነበር። የግርጌዎቹ ሦስት ቡድኖች እኩል ሁለት መቶ ሃያ፣ ሁለት መቶ ሃያ ቲኬት ይውሰዱ፤ ለቀሩት ሦስቱ መቶ አርባ፣ መቶ አሥር፣ ዘጠና ይድረሳቸው። ከታች አንደኛ መሆንና ከታች ሦስተኛ መሆን ለአንደኛው ምርጫ ልዩነት ከሌለው ማን ለግርጌው ይፋለማል? በእርግጥም የሳጊናውን ምሽት የሚያስቀር ሐሳብ ነው። ንፁህ ነበር፤ በአንድ ገጽ ላይ ያልቃል።

የማርኒ ሐሳብ ግን ከሌላ አቅጣጫ መጣ። አንድ ቀን የኦረንን በር አንኳኳች።

«ኦረን፣ አንድ ደቂቃ አለህ? ሐሳቤን ካንተ በፊት ለማንም ማሳየት አልፈለግሁም።»

«ለካልድዌል አላሳየሽውም?»

«ለእሱ አሳይቼዋለሁ፤ አለቃ ነው። ከእሱ ሌላ ለማንም ማለቴ ነው።»

ኦረን ወንበር አላሳያትም። ቆማ አስረዳችው። አንድ ቡድን የቀሩትን ጨዋታዎች በሙሉ ቢያሸንፍ እንኳ ወደ ጥሎ ማለፉ መግባት የማይችልበት ቀን ይመጣል። ከዚያ ቀን በኋላ የሚያሸንፈው እያንዳንዱ ጨዋታ ቲኬት ይሁንለት። ለስድስቱም ሃምሳ ሃምሳ መነሻ ይሰጥ፤ የቀረው ሰባት መቶ ተስፋቸው ከተቆረጠ በኋላ ባገኙት ድል ልክ ይከፋፈል።

«ደካማውስ?» አለ ኦረን። «ደካማ ማለት የማያሸንፍ ማለት ነው። ይህ ደንብ ከደካማው ቀምቶ ለተሻለው ይሰጣል።»

«ደካማው ቀድሞ ነው ተስፋው የሚቆረጠው። ስለዚህ ቲኬት የሚሰበስብበት ብዙ ጨዋታ ይቀረዋል። ለጥቂት የሚያመልጠው ቡድን ደግሞ ተስፋው የሚያልቀው በመጨረሻው ሳምንት ነው፤ የሚሰበስብበት ጊዜ የለውም። የምንረዳው ጊዜ በመስጠት ነው፤ ሽንፈትን በመግዛት አይደለም።»

ኦረን ሐሳቡ ጥሩ መሆኑን ወዲያው አወቀ። በኋላ እሱ ራሱ ነግሮኛል፦ መጀመሪያ የተሰማው አድናቆት ነበር፤ አድናቆቱ ግን ብዙ አልቆየም። እሱ ደንቡ ላይ ስንት ዓመት ተቀምጦ ከማሸነፍ በኩል አንድ ቀን እንኳ አላየውም።

«አስብበታለሁ» አላት።

በዚያው ቀን ሌላም ነገር አየ፤ ይህንን ግን ያኔ ለማንም አልተናገረም። መርሐ ግብሩን ሲያወጣ የቆየ ልማድ ነበረው፦ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት ለየምድቡ የእርስ በእርስ ጨዋታ ይተዋል። የምሥራቅ ቡድኖች ከምሥራቅ፣ የምዕራብ ከምዕራብ ይጋጠማሉ። የአውቶቡሱ መንገድ ያጥራል፣ ጎረቤት ከጎረቤት ሲገናኝ አዳራሹ ይሞላል። በድሮው ደንብ ይህ ማንንም አይጎዳም ነበር። በማርኒ ደንብ ግን ቲኬት የሚሰበሰበው በእነዚሁ ሳምንታት ነው፤ በደካማው ምድብ ያለ ቡድን ከደካሞች እየተጫወተ ቲኬቱን ይዝቃል፤ በጠንካራው ምድብ ያለው ምስኪን ደግሞ ከሻምፒዮኖች ጋር ይላፋል። ሐሳቧ ላይ ቀዳዳ አለ፤ ቀዳዳው የእሱ መርሐ ግብር ነው፤ መርሐ ግብሩን እንደ እሱ የሚያውቅ ደግሞ የለም። ኪሱ ከተተው።

ከዚያ ይልቅ ሌላ ነገር ሠራ። ያለፉትን አሥር ዓመታት ውጤት አወጣና እያንዳንዱን ዓመት በማርኒ ደንብ አሰላው። የግርጌው ቡድን ትልቁን የቲኬት ድርሻ ያገኘው በሁለት ዓመት ብቻ ነበር። ሰንጠረዡን በቀለም አሳመረው። በሩን ከፍቶ ወደ እኔ መጣ፤ ከብዙ ሳምንት በኋላ ፊቱ በርቷል።

«ተመልከት! ከአሥር ሁለት! ምስኪኖቹን ትረሳቸዋለች።»

«ለእሷ አሳየኻት?»

«በስብሰባው ላይ ታየዋለች።»

የባለቤቶቹ ስብሰባ ክሊቭላንድ ውስጥ ሐይቁ ዳር ባለ ሆቴል ነበር። ደንብ ለመለወጥ ከአሥራ ሁለቱ ዘጠኝ ድምፅ ያስፈልጋል። ካልድዌል ከመጀመሩ በፊት ለሁለቱም አንድ ነገር ነገራቸው፦ ሐሳቡ የሚያልፍለት ሰው የውድድር ክፍል ኃላፊ ይሆናል፤ ሹመቱ ከሁለት ዓመት በፊት ጀምሮ ክፍት ነው። ኦረን ይህንን ሲሰማ ክራቫቱን አስተካከለ። ማርኒ ውሃ ጠጣች።

ማርኒ ቀድማ አስረዳች። የዱሉዝ ባለቤት የሆነችው ወይዘሮ ሄግስታድ፣ የእንጨት ነጋዴ ናት፣ እጇን አወጣች።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ ብልጥ ብሆን ገና በታኅሣሥ እየተሸነፍኩ ቶሎ ተስፋ አልቆርጥም? ከዚያ በኋላ ድል ስሰበስብ ልክረም።»

«መሞከር ይችላሉ» አለች ማርኒ። «ነገር ግን በታኅሣሥ ጥሎ ማለፍ ገና ይቻላል፤ የጥሎ ማለፍ ገቢ ደግሞ የእርስዎ ነው። ተስፋው የሚቆረጥበት ቀን በሌሎች ቡድኖች ውጤትም ይወሰናል፤ በእጅዎ አይደለም። ከዚያ በኋላም ለማሸነፍ ጥሩ ቡድን ያስፈልግዎታል፤ ልጆችዎን አፍርሰው አይሆንም። መሸነፍ የሚያጓጓበትን ጊዜ ጨርሶ አጠፋሁት አልልም። አሳጥሬዋለሁ።»

ሄግስታድ በመስማማት ራሷን ነቀነቀች። ካልድዌል ፈገግ አለ፤ ኦረን ፈገግታውን አየ።

ተራው ሲደርስ የራሱን ሐሳብ በአጭሩ ተናገረና ወደ ሰንጠረዡ ገባ። ድምፁ አደገ። ከአሥር ዓመት ሁለት! ሥዕሉ ግድግዳው ላይ በርቷል። አንዳንዶቹ ባለቤቶች ማርኒን በአዘኔታ ተመለከቷት። እሷ ሰንጠረዡን በትኩረት እያነበበች ነበር።

ያኔ ነው ገስ ፓፓስ ሳቁን የለቀቀው። ገስ የሳጊናው ሥራ አስኪያጅ ነው፤ ትከሻ ሰፊ፣ አፉ የማይዘጋ ሰው።

«ኦረን፣ ወንድሜ፣ ያቺ የዘንድሮዋ ሳጊናው መጋቢት ውስጥ ስንት ጨዋታ አሸነፈች ብለሃል?»

«አንድ።»

«አንድ! ለምን አንድ ሆነች መሰለህ?»

«ደካማ ስለነበራችሁ።»

«አይ አንተ! ሆን ብለን ነዋ! የአንተ አራት መቶ ቲኬት እኮ ነው ያሸነፈን። ይኸው፣ ሊጉ ይቀጣኝ እንደሆነ ይቅጣኝ። ከዚህ ክፍል ውስጥ ከእኔ በላይ መሸነፍ የሚያውቅ አለ? ኧረ ሄግስታድ፣ አንቺም እጅሽን አውጪ፣ ብቻዬን አታስወቅሺኝ።»

ሄግስታድ ጣሪያውን ተመለከተች። ክፍሉ ሳቀ።

«እና አንተ» አለ ገስ፣ «ለመሸነፍ የተጫወትነውን ጨዋታ ወስደህ፣ ለማሸነፍ ብንጫወት ይህ ነበር ውጤታችን ትለናለህ? የድሮው ደንብ ያበላሸውን ውጤት አምጥተህ በአዲሱ ደንብ ትመዝነዋለህ? ቲኬቱ በድል ቢሆን ኖሮ ልጆቼን ፎጣ አላለብሳቸውም ነበር።»

ኦረን ወደ ሰንጠረዡ ዞረ። ማንም ሰው ይህን ያህል ጊዜ አንድ ግድግዳ ሲመለከት አላየሁም። ደንብ ሲለወጥ ሰው እንደሚለወጥ የዕጣ ደንብ የሚነድፍ ሰው መጀመሪያ የሚማረው ነገር ነው፤ ይህንን ለማርኒ ያስተማራትም ኦረን ራሱ ነው። ሰንጠረዡን ሲሠራ ግን ቁጥሩን አልነበረም የሚያየው፤ የእሷን ፊት ነበር።

«ከዚህ በተጨማሪ» አለች ማርኒ ቀስ ብላ፣ «በኦረን ሐሳብ ግርጌ ላይ ያለው ጠብ ይቀራል፤ እውነቱን ነው። ነገር ግን ከታች አራተኛ የሆነው ወደ ሦስተኛ ቢወርድ ከመቶ አርባ ወደ ሁለት መቶ ሃያ ይዘላል። ጠቡ ወደዚያ ይሄዳል ብዬ እፈራለሁ።»

በክፋት አልተናገረችውም። ይህ ነው ያሳመመው።

ካልድዌል ድምፅ ከመስጠታቸው በፊት ዙሪያውን አየ። «ሌላ የቀረ ነገር አለ? ኦረን? ከመርሐ ግብሩ ጋር የሚያጋጭ ነገር?»

ኦረን ዝም ቢል ደንቡ ያልፋል፤ በሚቀጥለው ዓመት በደካማው ምድብ ያለ አንድ ቡድን ቲኬቱን ይዝቃል፤ ጋዜጣው ይጮኻል፤ የማርኒ ስም ከሳጊናው ምሽት ጋር አብሮ ይጠራል። አጠገቡ ስለነበርኩ እጁ ጠረጴዛው ላይ ሲጨበጥ አይቻለሁ። ከዚያ ማርኒ የራሷን ወረቀት አገላብጣ የመርሐ ግብሩን ገጽ አወጣች። ምናልባት እንዲሁ ነው ያወጣችው። ኦረን ግን ጣቷ ወደ መጨረሻዎቹ ሳምንታት ሲወርድ አየና ብድግ አለ።

«ቀዳዳ አለው!» አለ፤ ሊጮህ ምንም አልቀረውም። «የመጨረሻዎቹ ሳምንታት በየምድቡ ናቸው። ደካማ ምድብ ያለው ርካሽ ድል ይሰበስባል።»

ማርኒ ቀና አለች። ጣቷ ገጹ ላይ ቀረ። «ይህንን አላየሁትም» አለች።

«አላየሽውም» አለ ኦረን፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰ። «የምድብ ጨዋታዎቹ ወደ መጀመሪያው ይምጡ። መጨረሻ ላይ እያንዳንዱ ቡድን ሌሎቹን አሥራ አንዱን አንድ አንድ ጊዜ ይግጠም። ያኔ ሁሉም የሚሰበስበው ከአንድ ዓይነት ማሳ ነው።»

«አውቶቡሱስ?» አለ አንዱ ባለቤት።

«የአውቶቡሱን ለእኔ ተወው።»

ሄግስታድ በእስክሪብቶዋ ጠረጴዛውን መታች። «የእኔ ቡድን ጠንካራው ምድብ ውስጥ ነው። መርሐ ግብሩ ካልተለወጠ ድምፄን አልሰጥም ነበር። ከተለወጠ እሰጣለሁ።»

ዘጠኝ ለሦስት አለፈ። ዘጠነኛዋ ሄግስታድ ነበረች። ካልድዌል መጀመሪያ የማርኒን እጅ ጨበጠ፤ ከዚያ የኦረንን። ሹመቱ ለማርኒ ሆነ፤ ደንቡንም ሰዎች «የባስኮም ደንብ» አሉት፤ ማንም እንዲሉት አላዘዘም፣ እንዲሁ አፋቸው ላይ ተቀመጠ።

ከአዳራሹ ስንወጣ ማርኒ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችበት።

«ኦረን፣ የምድቦቹን ነገር መቼ ነው ያወቅኸው?»

ሊዋሽ ይችል ነበር። «ክፍሌ መጥተሽ የነገርሽኝ ቀን።»

«ያን ቀን?»

«ያን ቀን።»

«ነግረኸኝ ቢሆን ኖሮ የሁለታችን ብዬ ነበር የማቀርበው።»

«አውቃለሁ» አለ።

«ቅዳሜና እሑድ አስብበትና ሰኞ መርሐ ግብሩን አብረን እንጀምር?»

«መርሐ ግብር ብቻዬን ነው የምሠራው።»

«እሺ» አለች፤ ምንም አልከፋትም። ይህንን መልሷን እስከ ቶሊዶ ድረስ መኪና ውስጥ ሲያወራው ሄደ። «እሺ! እሺ አለችኝ! ሰው እንዴት እሺ ይላል?»

ኦረን በዚያ በጋ እንደሠራው ሌላ ጊዜ ሲሠራ አይቼው አላውቅም። የበረዶ ሆኪ ቡድኖች አዳራሽ የሚይዙባቸውን ቀኖች፣ የሰርከሱን፣ የምረቃውን፣ የአውቶቡስ ሹፌሮችን የዕረፍት ሕግ ሁሉ እያሰላ፣ ሁሉንም ቡድን ከሁሉም ጋር መጨረሻው ላይ አገናኘ። መንገዱ ከድሮው የረዘመው በጥቂቱ ብቻ ነው። እንደዚያ ዓይነት መርሐ ግብር ይሠራል ብሎ ያመነ ሰው አልነበረም፤ ካልድዌልም ሁለቴ አይቻልም ብሎታል። ማርኒ አንድም ቀን አልጠየቀችውም። ሲጨርስ አትሞ፣ ሸሚዙን ቀይሮ፣ አሁን የእሷ ወደ ሆነው ትልቁ ክፍል ገባ።

ረጅም ጊዜ ቆዩ። በመስታወቱ በኩል እሷ ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ስታነብ፣ እሱ ቆሞ ሲጠብቅ ይታየኝ ነበር። ከዚያ አንድ ነገር አለችው። ኦረን ወጣ፤ ወደ ክፍሉ አልሄደም፤ ወደ እኔ መጣ።

«ምን አለች መሰለህ? ‹እኔ ይህንን በሕይወቴ አልሠራውም ነበር› አለች። በዚሁ ቃል። በሕይወቴ።»

«እውነቷን ነው።»

«ከዚህ ሆነህ ፊቷን አይተኸዋል አይደል? ስትናገር?»

«አይቼዋለሁ።»

ወደ ጠረጴዛዬ ጎንበስ አለ። ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እና እንዴት ነበረች? ቀንታ ነበር?»

ልዋሽለት ፈልጌ ነበር። ግን ፊቷን በደንብ ነበር ያየሁት።

«አይ» አልኩት። «ደስ ብሏት ነበር።»

ኦረን ቀና አለ። ወደ መስታወቱ ዞሮ ተመለከታት፤ እሷ ገና ወረቀቱ ላይ ናት፣ በጣቷ የመጨረሻዎቹን ሳምንታት እየተከተለች ብቻዋን ፈገግ ትላለች።

«እንዴት ነው እንደዚህ መደሰት የምትችለው?» አለ። መልስ እንድሰጠው አልነበረም የጠየቀኝ። ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ።